ቀዩ የቱ ነው? የአንዲት ካርታ ሦስት ጉዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት

ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ።

አንድ ድርጅት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ያድሳል። ስሙ ይቅር። ሥራው በ11ዱ ክፍለ ከተሞች የት እንደደረሰ የሚያሳይ የአንድ ገጽ ካርታ በየወሩ እሠራላቸዋለሁ። ያለቀበት ክፍለ ከተማ አረንጓዴ ይቀባል፣ እየተሠራ ያለበት ቢጫ፣ የዘገየበት ቀይ። ቀለሞቹን የመረጠችው ሥራ አስኪያጇ ናት። «የባንዲራችን ቀለም ነው፣ ያምራል፣ ማንም ይገባዋል» አለችኝ። እኔም አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር።

በሦስተኛው ወር ስብሰባቸው ላይ እንድገኝ ጠሩኝ። ቦታው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሕንፃ ነው። ጸሐፊዋ ካርታውን በከለር ያተመችው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን ለሥራ አስኪያጇ፣ አንዱን ደግሞ በአማካሪነት ለሚመጡ አንድ አንጋፋ ኢንጂነር። ለቀሩት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ኮፒ አደለች። ማንም ቢሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሥራ አስኪያጇ «እንግዲህ ከቀዮቹ እንጀምር» አለች። ዝም ተባለ። ከዚያ አንዷ ባለሙያ ወረቀቷን አገላብጣ «የእኔ ላይ ቀይ የለም» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ኢንጂነሩ ግን አልሳቁም። የከለሩን ወረቀት ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አዩትና «የእኔ ላይ እንኳ ቀለም አለ። ቀዩ የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም» አሉ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ካርታ በሁለት የተለያየ መንገድ ወደቀ። ቆየት ብሎ ደግሞ የባሰው ተሰማ። ባለፈው ወር ከመስክ ሠራተኞቹ አንዱ ከጥቁርና ነጭ ኮፒው ላይ አንብቦ አንድ የዘገየ ክፍለ ከተማን «አልቋል» ብሎ መዝግቦት ኖሯል። ስለዚህ በዚያ ወር ወደዚያ የሄደ መኪና የለም።

ከስብሰባው በኋላ ኢንጂነሩን ማኪያቶ ጋበዝኳቸው። ማለትም ልጋብዛቸው ፈለግኩ፤ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?» አልኳቸው። ተማሪ ሳሉ፣ በኤሌክትሪክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው አሉኝ። ሬዚስተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ላይ መጠኑ የሚጻፈው በቀለም ቀለበት ነው። ቡኒ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካን 3፣ አረንጓዴ 5 ይባላል። «እኔ 2ቱን 1፣ 5ቱን 3 እያልኩ አነብ ነበር። መምህሩ ሰነፍ ብሎኝ ነበር» አሉ። በኋላ ሐኪም ዘንድ የነጠብጣብ ሥዕሎች መጽሐፍ አሳዩአቸው። በነጠብጣቦቹ መካከል ቁጥር የተደበቀበት፣ ሺኖቡ ኢሺሃራ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጡት ፈተና ነው። አብዛኞቹን ቁጥሮች ማየት አልቻሉም። የእናታቸው ወንድምም እንዲሁ ነበሩ። ይህ የተለመደ ነው። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚተላለፍ እናት ራሷ በደንብ እያየች ለወንድ ልጇ ታወርሰዋለች። ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ቁጥር ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም።

እኔ ከለር ብላይንድ ማለት ዓለምን በጥቁርና ነጭ ማየት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ሳቁብኝ። «ሰማያዊና ቢጫ ከአንተ እኩል አያለሁ። ቀይ ግን ለእኔ ጠቆር ያለ ነገር ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ በቀይ ከጻፍክልኝ አላነበውም።» ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ነው። እሳቸው የጎደላቸው ለረጅሙ ሞገድ፣ ማለትም ለቀይ ብርሃን፣ ይበልጥ ንቁ የሆነው ነው። የመካከለኛው ሞገድ ተቀባይ የጎደላቸውም አሉ። እነሱም ቀይና አረንጓዴን ያምታታሉ፤ ቀይ ግን ያን ያህል አይጨልምባቸውም።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሥራዬን ለወጠው። «ጎን ለጎን ሲሆኑ እኮ ልዩነት አያለሁ። አንዱ ትንሽ ጠቆር ይላል። የሚያቅተኝ የቀለሞቹን ትርጉም ከሚናገረው መፍቻ ጋር ማዛመድ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን አያለሁ፣ ወደ ካርታው እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ጠፍቶብኛል።» እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር የጣልኩት በዚያች በጥግ ባለች ሳጥን ላይ ነበር።

ስለ ባንዲራው አንድ ነገር ልበል። ባንዲራን ማንም አይሳሳትም፤ ምክንያቱም አረንጓዴው ላይ፣ ቢጫው መሀል፣ ቀዩ ታች ነው። የትራፊክ መብራትም እንደዚያው ነው፤ ቀዩ ላይ ነው። ኢንጂነሩ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲነዱ የኖሩት መብራቱ ያለበትን ቦታ እያዩ ነው። ካርታ ላይ ግን ላይና ታች የለም። የካ ያለበት ቦታ ስለ የካ ሥራ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን ሊናገር ተገደደ። አልቻለም።

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። ተመልሼ ሦስቱን ቀለሞች መመርመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር፤ ብዙ ሰው ስለሚሠራው ልንገራችሁ። `GIMP` በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ `Desaturate` የሚል ትእዛዝ አለ። ቀለምን ወደ ግራጫ ይለውጣል። `Lightness (HSL)` የሚለውን መረጥኩና ግራጫውን ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው ልክ አነበብኩት። አረንጓዴው 72፣ ቀዩ 118፣ ቢጫው 131 ገደማ ወጣ። በዚህ ሒሳብ አረንጓዴው ከሁሉም ጠቁሮ መለየት አለበት። በእጄ ያለው የስብሰባው ኮፒ ግን ሌላ ነው የሚለው። በእሱ ላይ አረንጓዴና ቀይ አንድ ናቸው፤ ቢጫው ከወረቀቱ ነጭ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም።

ወረቀቱ ትክክል ነበር። ያ ስሌት ከሦስቱ የቀለም ቁጥሮች ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል እንጂ ስለ ዓይን አያውቅም። ዓይናችን ደግሞ ሦስቱን እኩል አይቆጥርም። ከብሩህነት ትልቁን ድርሻ የሚሰጠን አረንጓዴ ነው፣ ቀይ ይከተላል፣ ሰማያዊ ከቁጥር አይገባም ማለት ይቻላል። ትክክለኛው ሒሳብ ይህ ነው፦

```
L = 0.2126*R + 0.7152*G + 0.0722*B
```

R ቀይ፣ G አረንጓዴ፣ B ሰማያዊ ነው። ፊደሎቹ ግን በቀጥታ ከ`#DA121A` ዓይነት የቀለም ኮድ የሚነበቡት ቁጥሮች አይደሉም። መጀመሪያ ወደ ብርሃን መጠን መቀየር አለባቸው። ያንን `GIMP` ራሱ ይሠራዋል፤ ከዚያው ዝርዝር ውስጥ `Luminance` የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ የእኔ ካርታ እንዲህ ሆነ፦

```
አረንጓዴ  #078930   118
ቢጫ     #FCDD09   221
ቀይ     #DA121A   109
```

118 እና 109። በስክሪን ላይ ሁለቱን ሳጥኖች አጠጋግቼ ስመለከታቸው መሀላቸው ያለውን መስመር ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ኮፒ ላይማ ጭራሽ የለም። ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ካርታው የሚያሳየው ደረጃ ነው፤ ያለቀ፣ በመሀል ያለ፣ የዘገየ። ግራጫው ግን መካከለኛ፣ ነጭ፣ መካከለኛ ይላል። የመሀሉ ደረጃ ከሁሉም ፈክቶ ወጣ። ቢጫ በተፈጥሮው ፈካ ያለ ቀለም ስለሆነ መሀል ላይ ሲቀመጥ ቅደም ተከተሉን ይሰብረዋል። ቢጫውን ላጥቁረው ብትሉ ደግሞ ቢጫ መሆኑ ይቀርና ጭቃ ይመስላል።

ሁለተኛው ሙከራዬ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ያደረግኩት ነው። ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ያዘጋጁት፣ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ በጣም የታወቀ የቀለም ስብስብ አለ። ቀለም የማይለይ ሰው እንዲለያቸው ታስቦ የተመረጡ ስምንት ቀለሞች ናቸው። ከዚያ ሦስት ወሰድኩ። ላለቀው ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ፣ ለሚሠራው ብርቱካን፣ ለዘገየው ወደ ቀይ የሚያደላ ጠቆር ያለ ብርቱካን። ካርታ በምሠራበት ፕሮግራም በ`QGIS` ውስጥ `View > Preview Mode` የሚል አለ፤ ቀለም የማይለይ ሰው ካርታውን እንዴት እንደሚያየው ያስመስላል። ሞከርኩት። ሰማያዊውና ብርቱካኑ እንደ ቀንና ሌሊት ተለያዩ። ለኢንጂነሩ በስልክ ላክሁላቸው። «አሁን ገባኝ፣ ተባረክ» ብለው መለሱ። ደስ አለኝ። ለሥራ አስኪያጇ ልልክ ስል ግን አንድ ነገር ቀረ። ኮፒ።

ሕንፃችን ሥር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በአራት ኪሎ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ጠባብ፣ ሙቀት ያለው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰልፍ የማይጠፋበት። ማሽኑን የምትሠራውን ልጅ እህቴ እላታለሁ። ከለሩን ሰጠኋት፣ ኮፒ አደረገችልኝ። ያለቀውና እየተሠራ ያለው አንድ ግራጫ ሆነው ወጡ። ፍጹም አንድ። ወደ ላይ ወጥቼ ስለካው ብርቱካኑ 173፣ ሰማያዊው 171 ነው።

በስብስቡ አልፈርድም። የተሠራው ቀለም ለማይለይ ዓይን ነው፤ ያንን በደንብ ይሠራል። ለኢንጂነሩ ሰማያዊና ብርቱካን የሚለያዩት በቀለም ዓይነት ነው። ያ ልዩነት ደግሞ በኮፒ ማሽን ውስጥ ይሞታል። ለማሽኑ የሚቀረው ብሩህነት ብቻ ነው። እኔ ግን «ለከለር ብላይንድ የሚሆን» የሚለውን ስሰማ «ለኮፒም የሚሆን» አድርጌ ወሰድኩት። ሁለቱ የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። የካርታ ባለሙያዋ ሲንቲያ ብሩወር በሠሩት `ColorBrewer` በሚባለው የቀለም መምረጫ ላይ ሁለቱ በተለያዩ ሳጥኖች መቀመጣቸውን ያየሁት በኋላ ነው። `colorblind safe` አንድ፣ `photocopy safe` ሌላ። ሁለቱንም ስትመርጡ ዝርዝሩ ምን ያህል እንደሚያጥር ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

የኮፒዋ ልጅ የተበላሸውን ወረቀት ስታይ «ማሽኑ እኮ ከለር አያውቅም። ተማሪዎቹ በቢጫ ሃይላይተር የቀቡትን ኖት ሲያመጡ ቢጫው ጠፍቶ ይወጣል፤ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ግን ጠቁሮ ይወጣል» አለችኝ። እሷ ቀመሩን አታውቀውም፤ ቁም ነገሩን ግን ከእኔ በፊት አውቃዋለች።

በሦስተኛው ሙከራ አሠራሬን ገለበጥኩት። ቀለም መምረጥ ትቼ መጀመሪያ ግራጫ መረጥኩ። ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል፤ ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። ካርታውን በሙሉ በግራጫ ብቻ ሠራሁት። ስሞቹ መነበባቸውን፣ ደረጃዎቹ መለየታቸውን አየሁ። ግራጫው ካልሠራ ቀለም አያድነውም። ከሠራ በኋላ ነው ቀለም የቀባሁት፤ ያውም ብሩህነቱን ሳልነካ።

ጠቆር ያለው ጫፍ ላይ የዘገየውን አስቀመጥኩ። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ነጭ ወረቀት ላይ ወዳለ ጥቁር ነገር ነው፣ ስብሰባው ደግሞ የሚፈልገው የዘገየውን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ኢንጂነሩ ናቸው። ለእሳቸው ቀይ ከሒሳቡ በላይ ይጨልማል። ቀዩን መካከለኛ ደረጃ ላይ ባስቀምጠው ለእሳቸው ወደ ታች ወርዶ ከሌላ ጋር ይጋጫል። ከታች ጫፍ ላይ ካለ ግን የበለጠ ይጨልምላቸው፣ ምን ገዶኝ? ስህተቱ ወደሚጠቅመኝ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። የኮፒ ማሽኑም ቀይን እንዲሁ ስለሚያጠቁር በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሆነልኝ።

```
ያለቀ       #CFE8E0   226
እየተሠራ    #C97A1E   141
የዘገየ      #8C1D18    72
```

የመጀመሪያው ውሃ ውሃ የሚል ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ሁለተኛው የበርበሬ ወጥ ዘይት የመሰለ ብርቱካን፣ ሦስተኛው የደረቀ በርበሬ ቀይ። ሥራ አስኪያጇ የወደደችው «አረንጓዴ ጥሩ፣ ቀይ መጥፎ» የሚለው ስሜት አልጠፋም። የጠፋው ቢጫው ብቻ ነው። መጀመሪያ ብርቱካኑን ከዚያው ከታወቀው ስብስብ ወስጄ 173 ላይ አድርጌው ነበር። ግን ከፈዛዛው ጋር ተቀራርቦ ከቀዩ በጣም ራቀ፤ መሰላሉ አንድ ደረጃው አጭር፣ አንዱ ረጅም ሆነ። ስለዚህ ወደ 141 አወረድኩት። ሁለቱ ክፍተቶች ተመጣጠኑ።

ጽሑፉ ሌላ ራስ ምታት ነበር። በቀዩ ላይ ጥቁር ፊደል አይነበብም። የንፅፅሩ ልክ 2.3 ለ1 ገደማ ነው፣ ለተራ ጽሑፍ የሚመከረው ዝቅተኛው 4.5 ለ1 ነው። ነጭ ሳደርገው ከ9 ለ1 በለጠ። በብርቱካኑ ላይ ጥቁር ከ6 ለ1 በላይ አለው፤ ይበቃል። እዚህ ላይ ጭረት ለመጨመርም ሞክሬ ነበር። ማለትም የዘገየውን በሰያፍ መስመር መሙላት። በላቲን ፊደል ምናልባት ይሠራ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን «ለሚ ኩራ» እና «ጉለሌ» በትንሽ መጠን ሲጻፉ እግርና ቀለበታቸው ከጭረቱ ጋር ተጣብቆ «ሌ»ው «ለ» መሰለ። ጭረቱን ሰረዝኩት።

በምትኩ ከእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ስም ሥር አንድ ቃል ጻፍኩ። «አልቋል»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ዘግይቷል»። የኢንጂነሩ ችግር ከመፍቻ ሳጥን ጋር ማዛመድ ስለነበር ሳጥኗን ጭራሽ አወጣኋት። ትልልቆቹ ላይ፣ እንደ ቦሌና አቃቂ ቃሊቲ፣ ቦታ ሞልቷል። መሀል ከተማ ያሉት ግን፣ ልደታ፣ አራዳ፣ አዲስ ከተማ፣ ቂርቆስ፣ በአንድ ገጽ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው። ለእነሱ ቀጭን መስመር ስቤ ስሙንና ቃሉን ከካርታው ውጭ ነጭ ላይ አሰፈርኩ።

እንደገና ወደ ታች። ልጅቷ «ዛሬም ያችኑ ካርታ?» አለችኝ። አዎ። በዚህ ጊዜ ኮፒውን ብቻ አላስደረግኩም፤ የኮፒውን ኮፒ አስደረግኩ። ምክንያቱም ቢሮ ውስጥ የሚሆነው ያ ነው። ጸሐፊዋ አንዱን ታባዛለች፣ የመስክ ሠራተኛው የእሱን ወስዶ ሌላ ቦታ ያባዛል። በሁለተኛው ኮፒ ላይ መካከለኛ ግራጫ መንሸራተት ይጀምራል። ፈዛዛው ወደ ነጭ፣ ጠቆር ያለው ወደ ጥቁር ይሸሻል። ብርቱካኑ ጠቆር ብሎ ወጣ፤ ግን ከቀዩ አልተቀላቀለም። ፈዛዛው አረንጓዴ ከወረቀቱ ነጭ ሊለይ አልቻለም። ለእሱ ስል የሁሉንም ድንበር በጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ከበብኩት። ያ መስመር ከሌለ ያለቁት ክፍለ ከተሞች ካርታው ላይ ጉድጓድ ይመስላሉ። በፕሮጀክተርም ያው ነው፣ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ፈዛዛ ቀለም ግድግዳው ይበላዋል።

«ቶነሩ ሊያልቅ ነው፣ በእሱም ልሞክርልህ?» አለችኝ ልጅቷ። ሳልጠይቃት። ከሌላኛው ማሽን አወጣችው። ቀዩ ላይ ነጫጭ ሰረዝ ሰረዝ ጣለበት። ግራጫው ያው ተዘበራረቀ፤ የተጻፈው ቃል ግን ተነበበ። ቀለም፣ ብሩህነት፣ ቃል። ሁለቱ ቢወድቁ አንዱ ይቆማል ብዬ አልነበረም የጻፍኩት፤ ለኢንጂነሩ ብዬ ነው። ቶነር ባለቀበት ማሽንም ጠቀመ።

የሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ የወጪ ግራፍ ነበር፤ አራት መስመሮች፣ አራት ቀለሞች። እሱን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ የሚገርም ነገር ስላየሁበት። የካርታውን ትምህርት ይዤ መስመሮቹንም በግራጫ መሰላል ሠራኋቸው። ኮፒ ሲደረግ ሁለቱ ፈካ ያሉት መስመሮች የተቆራረጡ ሆነው ወጡ። ልክ ሆን ብዬ ነጠብጣብ መስመር እንዳደረግኳቸው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ነገሩ ገባኝ። ማሽኑ ግራጫ ቀለም የለውም። ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ በመበተን ነው ግራጫ የሚያስመስለው። ሰፊ ቦታ ላይ ነጥቦቹ ግራጫ ይመስላሉ። ቀጭን መስመር ላይ ግን ለነጥቦቹ ስፋት ስለሌለ መስመሩ ራሱ ይበጣጠሳል። ከዚያ ወዲህ ቀጭን መስመሮቼ በሙሉ ጠቆር ያሉ ናቸው። የምለያቸው አንዱን ወጥ፣ አንዱን ሰረዝ፣ አንዱን ነጥብ፣ አንዱን ወፈር ያለ በማድረግና ስማቸውን መስመሩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በመጻፍ ነው። ቀለም ያላቸው ለጌጥ ነው።

አዲሱን ካርታ በአራተኛው ወር ስብሰባ አቀረብነው። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ ሁለት ከለር፣ የቀረውን ኮፒ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቷን አየች፣ አኩርፋም ነበር። «ቢጫዬን ወሰድክብኝ» አለችኝ። ከዚያ «እሺ፣ ከዘገዩት እንጀምር» አለች። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ኮፒ የያዘችው ያችው ባለሙያ ናት ቀድማ የመጀመሪያውን ስም የጠራችው። ኢንጂነሩ ደግሞ ሁለተኛውን።

ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጇ ደውላ አራተኛና አምስተኛ ደረጃ ጨምርልን አለች። «ያልተጀመረ» እና «የቆመ»። ግራጫ መሰላሉ ላይ ለአራተኛ ቦታ እንደምንም አገኝ ይሆናል። አምስት ደረጃ ግን በኮፒው ኮፒ ላይ አይቆምም፤ ሞክሬዋለሁ። መሀል ያሉት ሦስቱ እርስ በርስ ይዋጣሉ። ያልተጀመረውን ነጭ ትቼ በሰረዝ ድንበር ከበብኩት፤ ቀለም አልፈጀሁም። የቆመውን ቀዩ ላይ አስቀርቼ መሀሉ ላይ ትልቅ ነጭ የኤክስ ምልክት አደረግኩበት። ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ይዤው እወርዳለሁ። ልጅቷ ከሁለቱ ማሽኖች በየትኛው ልጀምር ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ቶነሩ ባለቀበት።